አራተኛዋ ፍንጭ

ቋሚ ሆኗል። ከእንግዲህ ወዲህ ማንም ተነሥና ሂድ አይለውም። ዲሬክተሩ ራሳቸው ዛሬ ጠዋት ከባንዲራው ሥር ጠርተው ነግረውታል። እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ አርፎ መቀመጥ አይቻልምና እስቲ ከሥሩ ላውጋችሁ።

ቋሚ የሆነው መምህር ቀለመ ወርቅ ነው፤ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ ሒሳብ የሚያስተምረው፣ ረጅሙ፣ እግሩ የማያርፈው። ትውልዱ ስማዳ፣ ወገዳ አጠገብ ነው። ጊዜያዊ መምህር ስለነበረ አንዴ ንፋስ መውጫ፣ አንዴ ወገዳ፣ ኋላም ወደ እስቴ ሲወረውሩት ኖሯል። አንድ የእንጨት ሣጥን አለችው። እስቴ ከገባ ጀምሮ ገመዷን አልፈታም፤ የሚፈልገውን ነገር በክዳኗ ስንጥቅ እጁን አሾልኮ ነው የሚያወጣው። ማታ ማታ በቤቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲል ያከራዩት ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ግድግዳውን ይደበድባሉ።

«ልጄ፣ ወለሉን በእበት ለቅልቄ ሳይደርቅ ታነሣዋለህ። ምናለ ብትቀመጥ?»

«ስቀመጥ ሐሳቡ ይብስብኛል፣ እማማ።»

«ያንን ገመድስ መቼ ነው የምትፈታው?»

«ቋሚ ስሆን።»

በጥር ወር ከደብረ ታቦር ኢንስፔክተር እንደሚመጣ ተነገረው። ሰውየው አንድ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብሎ ያያል፤ ከወደደ ቀለመ ወርቅ ቋሚ ይሆናል፤ ካልወደደ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደ ወንድሙ እርሻ ይመለሳል። ወንድሙ ደግሞ «ሞፈሩ እየጠበቀህ ነው» ማለት ይወዳል። ነገሩ ይኸው ነበር።

ቀለመ ወርቅ የመረጠው የሩጫ እንቆቅልሽ ነው። ልጆቹ መደመርና መቀነስ ሲያዩ ያንቀላፋሉ፤ ማን ቀደመ ሲባሉ ግን ጆሯቸው ይቆማል። አምስት ሯጮች ፈጠረ፣ ስም እንደመጣለት ሰጣቸው፣ አራት ፍንጮችም አዘጋጀ። አሠራሩ ቀላል ነው። የቀደመውን ስም ትጽፋለህ፤ ከእሱ ተነሥተህ ከኋላው ወደ ገባው ሰው ቀስት ትስባለህ። «እገሌ ከእገሌ ኋላ ገባ» የሚል ፍንጭ ሲገጥምህ ትገለብጠዋለህ። ሁሉም ሲያያዝ ሰንሰለት ይሆናል፤ ደረጃው ከሰንሰለቱ ይነበባል።

ቀኑ ደረሰ። ኢንስፔክተሩ ከበቅሎ ወርደው ከኋለኛው አግዳሚ ተቀመጡ፤ ዲሬክተሩም ለክፍሉ አስተዋወቋቸው። «አቶ ፈንታሁን ይባላሉ።»

የቀለመ ወርቅ ጠመኔ ከእጁ ወደቀ። ከአምስቱ ሯጮቹ አንዱ ፈንታሁን ነው።

ያም ሆኖ መጻፍ ጀመረ። ማሩ ከደምሌ ቀድሞ ገባ። አስማረ ከደምሌ ኋላ ገባ። ዋለ ከፈንታሁን ኋላ ገባ። አራተኛዋ «አስማረ ከፈንታሁን ቀድሞ ገባ» የምትል ነበረች። እጁ ሰሌዳው ላይ ቆመ። በበቅሎ ያን ሁሉ መንገድ የመጣ እንግዳ፣ ያውም እንጀራውን የያዘ ሰው፣ ከአስማረ ኋላ እንዴት ይደረጋል? ተዋት። መልሱን ራሱ ስለሚያውቀው የጎደለ ነገር መኖሩ እንኳ አልተሰማውም። ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ ቀስቶቹን ሳበ፤ ማሩ፣ ደምሌ፣ አስማረ፣ ፈንታሁን፣ ዋለ።

«መምህር፣ ዋለ እንዴት መጨረሻ ይሆናል?»

ላቀች ናት፤ ከፊት የምትቀመጠው፣ ምላሷ የማይታሰረው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ለካ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ስም ዋለ ነው፤ በየጥምቀቱ ሩጫ ቀድሞት የገባ ሰው የለም።

«ይህ ሌላ ዋለ ነው።»

«ሌላ ዋለ አናውቅም።»

«ላቀች፣ መጨረሻ ያደረግኩት እኔ አይደለሁም። ፍንጮቹ ናቸው።»

«የትኛው ፍንጭ?» አለችና ተነሥታ ሰሌዳውን በጣቷ ተከተለች። «ፈንታሁን ቀደመው ይላል፤ ይሁን። አስማረ ቀደመው የሚል ግን የት አለ? ማሩስ? ደምሌስ?»

ቀለመ ወርቅ ዞሮ አየ። ከአስማረ ወደ ፈንታሁን የሳበው ቀስት በምንም ላይ አልቆመም። ያ የማያርፍ እግሩ ቀጥ አለ። ቀስ ብሎ ቀስቱን በእጅጌው አጠፋው።

«ልክ ናት። ይህችን ቀስት ማንም አልሰጠኝም፤ ከራሴ አምጥቼ ነው።» ከዚያም ከላይ ማሩ፣ ደምሌና አስማረን፣ ከታች ፈንታሁንና ዋለን ለየብቻ ጻፈ። «ያለን ሁለት ቁራጭ ሰንሰለት ነው። አንዱ ከሌላው ስላልተያያዘ አንደኛው ማን እንደሆነ፣ መጨረሻውም ማን እንደሆነ አይታወቅም። አንዲት ፍንጭ ጨምሩና አያይዙልኝ።»

ከመስኮቱ አጠገብ አንድ ረጅም ልጅ «ፈንታሁን ከደምሌ ኋላ ገባ» አለ።

ቀለመ ወርቅ ሳበ። ከደምሌ ሁለት ቀስት ወጣ፤ አንዱ ወደ አስማረ፣ አንዱ ወደ ፈንታሁን። «አሁን ከአስማረና ከፈንታሁን ማን ቀደመ?»

«አይታወቅም» አለ ልጁ ጥቂት አይቶ። «ሰንሰለቱ ባለ ሁለት ጣት መንሽ ሆነ።»

መንሹም ከሰሌዳው ጠፋ። ላቀች ቸኮለች። «ዋለ ከማሩ ቀድሞ ገባ።»

የታችኛው ጅራት ከላይኛው ራስ ተገናኘ። ሰንሰለቱ አንድ ወጥ ሆነ፤ ፈንታሁን፣ ዋለ፣ ማሩ፣ ደምሌ፣ አስማረ።

«ሞላ» አለ ቀለመ ወርቅ። «አንደኛ የወጣው ማነው?»

ላቀች «ዋለ» ልትል ጀምራ ሰሌዳውን አየች። «ፈንታሁን» አለች የሰረቋት ያህል። ቀጥላም «ፈንታሁን ደግሞ ማነው?»

ከኋላ ሳል ተሰማ። «እኔ ነኝ» አሉ ኢንስፔክተሩ። «ግን ሮጬ አላውቅም።»

ክፍሉ ሲወጣ ቀለመ ወርቅን አስቀሩት። «ፍንጭህ ስንት ነበር?»

«አራት፣ ጌታዬ።»

«ሰሌዳው ላይ ግን ሦስት ነው ያየሁት።»

«አራተኛዋ አስማረ ከፈንታሁን ቀድሞ ገባ የምትል ነበረች። ስምዎን ስሰማ እጄ እንቢ አለኝ።»

«ታዲያ እኔ ስንተኛ ነበርኩ?»

«አራተኛ።»

«ከአምስት?»

«ከአምስት።»

ባርኔጣቸውን ደፉና ወጡ። በሩ ላይ ዘበኛውን ዋለን ከእግር እስከ ራሱ አይተው «ወድቀህ ነበር፤ ያቺ ልጅ አነሣችህ» ብለውት በቅሏቸው ላይ ወጡ። ዋለ ቀኑን ሙሉ መቼ እንደወደቀ ሲጠይቅ ዋለ።

ስለ መምህሩ ግን አለፈ ወይም ወደቀ የሚል ቃል ከኢንስፔክተሩ አፍ አልወጣም። ከዚያ በኋላ ቀለመ ወርቅ እንቅልፍ አጣ። ምግቡን ቆሞ ይበላል። ከደብረ ታቦር ሰው መጣ በተባለ ቁጥር ትምህርቱን እያቋረጠ በመስኮት ያያል። ሣጥኗን ሳይቀር ከአልጋው ሥር ስቦ ወደ በሩ አስጠግቷት ነበር፤ ሂድ ሲሉት እንዳይዘገይ። ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ይህን አይተው ባለፈው እሑድ አኮረፉት። «ያስቀየምኩህ ነገር ካለ ንገረኝ እንጂ ሣጥን ከበር አታስቀምጥብኝ» ብለውታል።

ዛሬ ጠዋት ታዲያ ዲሬክተሩ ጠሩት። ቋሚ መሆኑን ነገሩትና እንዲህ አሉት፦ «አቶ ፈንታሁን አንድ ነገር ብቻ ነው የነገሩኝ። ያንን ቀስት በእጅጌው ሲያጠፋ ወሰንኩ ብለዋል።»

ቀለመ ወርቅ እጅ ነሥቶ ወደ ቤቱ ነጎደ። በመንገድ ላይ ላቀች «መምህር፣ ዋለን አንደኛ የምታደርግ ፍንጭ አገኘሁ» ብትለው «ፈንታሁንን እስካልነካሽ ድረስ አይሆንልሽም» ብሏት አለፈ። ቤት ደርሶ ሣጥኗን ከበሩ አንሥቶ ወደ ጓዳው ወሰዳት፤ ገመዱንም በጥርሱ ጭምር ፈታው። በመስኮቱ ያየሁት ቁጭ ብሎ ነበር። እውነቴን ነው፣ ቁጭ ብሎ፤ እግሩ እንኳ አይነቃነቅም።

ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ግን ገበያ ወርደዋል፤ አሁንም ሊሄድብኝ ነው እያሉ ሽንብራ እየሸመቱ ይሆናል። ማንም ሳይቀድመኝ ልድረስባቸው።