የውርንጭላው ጆሮ

የምሠራው ቡራዩ ውስጥ፣ ከአምቦ መንገድ ትንሽ ገባ ብላ በምትገኝ አንዲት የማስታወቂያ ቤት ነው። የሱቅ ታፔላ እንሠራለን፣ ቲሸርት ላይ እናትማለን፣ የመኪና መስታወት ላይ የሚለጠፍ ስቲከር እንቆርጣለን። እኔ ኮምፒዩተሩ ላይ እስላለሁ፤ ባልደረባዬ ደግሞ የሳልኩትን በማሽን ይቆርጣል፣ ይለጥፋል። እስከ ዛሬ የሳልኳቸው ፈገግ ያሉ ጥርሶችና ኮፍያ ያደረጉ ዶሮዎች ብዛት ለራሴም ይገርመኛል። አንዳቸውም ግን የእኔ ናቸው ብዬ አላውቅም። ባለ ሱቁ የፈለገውን ይነግረኛል፣ እኔ እሠራለሁ።

ሱሉልታ ላይ የልጆች ሩጫ የሚያዘጋጁ ሰዎች ማስኮት በውድድር ለመምረጥ እንደሚፈልጉ የነገረኝ አንድ ደንበኛችን ነበር። ሰው ለብሶት ሜዳ ላይ ከልጆች ጋር የሚጫወት፣ ቲሸርቱም ላይ የሚታተም ገጸ ባሕርይ ማለት ነው። ወሬውን እንደሰማሁ ልቤ ተነሣ። የራሴ የምለው አንድ ፍጥረት ለመሳል ከዚህ የተሻለ ዕድል ከየት ይመጣል?

ሚዳቋ ሳልኩ። ሯጭ ስለሆነች፣ ደግሞም ስለምታምር። ቀጫጭን እግሮች፣ በቀንዶቿ መካከል የላብ ማሰሪያ፣ አንገቷ ላይ ሜዳልያ፣ እጇ ላይ ችቦ። የጫማዋን ክር ሳይቀር አንድ በአንድ ሳልኩት። ባልደረባዬ አይቶት፣ «አንቺ፣ ይሄማ ፎቶ ነው» አለኝ። እኔም አሸንፌያለሁ ብዬ ሱሉልታ ሄድኩ።

ዳኞቹ ሦስት ነበሩ። አንዷ አዲስ አበባ ውስጥ አኒሜሽን የሚያስተምሩ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ሁለተኛው ሰበታ ውስጥ የልብስ ስፌት ቤት ያለው፣ ማስኮቱን የሚሰፋው ሰውዬ ነው። ሦስተኛው እዚያው ሱሉልታ ተወልደው ያደጉ የሩጫ አሰልጣኝ ሲሆኑ፣ ትንሹም ትልቁም ሲያያቸው ከመቀመጫው ይነሣላቸዋል። ከእኔ ጋር ለመጨረሻ የቀረቡት ሁለት ወጣቶች ነበሩ፤ አንዱ አንበሳ፣ ሌላው ዓይን ያለው የሩጫ ጫማ ይዘው መጥተዋል።

መምህሯ የሦስታችንንም ሥዕል ግድግዳው ላይ አሳዩ። ሰው ሁሉ እያደነቀ ሳለ ኮምፒዩተራቸው ላይ አንድ ነገር ሲነኩ ቀለሙም መስመሩም ጠፋና ሦስቱም ሥዕሎች ድፍን ጥቁር ሆኑ።

«አሁን ምንድን ናቸው?» አሉ።

አንበሳው ጆንያ መሰለ። ጫማው ድንች። የእኔን አሰልጣኙ ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ እያደረጉ አዩትና፣ «ፍየል ናት» አሉ። «መጥረጊያ ይዛለች።»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ጆሮዬ ግን ግሎ ነበር።

«ልጅ ከሜዳው ማዶ ሆኖ የሚያየው ይህንን ነው» አሉ መምህሯ። «ጥላውን። ጥላው ማንነቱን ካልተናገረ ሜዳልያውም የጫማው ክርም አያድኑትም።» ቀጥለው ሥዕሌ ላይ በጣታቸው እየጠቆሙ፣ «ቅርጹን ደግሞ እዪው። ክብ ነገር ያቀርባል፣ አራት ማዕዘን የጸና ይመስላል፣ ሹል ነገር ይፈጥናል፤ ግን ይወጋል። ያንቺ ቀንዱም፣ አፍንጫውም፣ ክርኑም ሹል ነው። ትንሽ ልጅ ሄዶ ያቅፈዋል?» አሉኝ።

«አያቅፈውም» አልኩ።

«እሺ፣ አሳዝኛት እስቲ።»

የዘረጉልኝን እርሳስ ተቀበልኩ። ሚዳቋዬ ጥርሷን ገልጣ እየሳቀች ነው። ሌላ ነገር ስላልታየኝ ጉንጯ ላይ እንባ ሳልኩ።

«አሁን እንባ አላት እንጂ አላዘነችም» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም፤ ሐኪም ለበሽተኛ እንደሚናገረው ነበር።

ያን ቀን ማንም አልተመረጠም። ከወር በኋላ ጥላውን፣ የተሠራበትን መሠረታዊ ቅርጽና የተለያየ ስሜቱን ይዛችሁ ተመለሱ ተባልን።

ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ መስኮቱን ተደግፌ ተናደድኩ። መጀመሪያ በመምህሯ፣ እንጦጦን ስንወርድ ደግሞ በራሴ። ምክንያቱም ልክ ነበሩ። ስንት ዓመት ታፔላ የሠራሁ ሰው፣ መንገደኛ ከሩቅ ምን እንደሚያይ ለማወቅ ሌላ አስተማሪ ሊያስፈልገኝ አይገባም ነበር።

በማግስቱ ለባልደረባዬ ሁሉንም ነገርኩት። ጥቂት አሰበና ጥቁር ስቲከር ማሽኑ ላይ ጫነ። የሚዳቋዋን ጥላ በሰው ቁመት ቆርጦ የሱቃችን መስታወት ላይ ለጠፈው። ከዚያ በር ላይ ቆመን የሚያልፈውን ሁሉ «ይሄ ምንድን ነው?» ማለት ጀመርን። አንዷ «ግመል?» አለች። አንዱ «ዛፍ ላይ የወጣ ሰው» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ በሳልኩ ቁጥር እንቆርጣለን፣ እንለጥፋለን፣ እንጠይቃለን። ጥንቸል ሞከርኩ፤ የሌላ አገር የካርቱን ጥንቸል ሆነብኝ። ቆቅ ሞከርኩ፤ ዶሮ ተባለች። ዶሮ ደግሞ በሕይወቴ በቂ ስያለሁ።

አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ቆምኩ። ከቆርቆሮ አጥሩ በላይ ሁለት ጆሮዎች ብቻ ይታያሉ። የቀረው ገላ አይታይም። አንዱ ጆሮ ወደ ወፍጮው ድምፅ ዞረ፤ ሌላው ወደ እኔ። ከውስጥ ሰው ሲጮህ ሁለቱም ወደ ኋላ ተለጠፉ። ትንሽ ቆይተው ቀስ ብለው ወደ ጎን ወደቁ፣ እንደ ሰለቸው ሰው ትከሻ። ፊቱን ሳላይ አህያው ምን እንደተሰማው አወቅሁ። እየሮጥኩ ነው ሥራ ቦታ የደረስኩት።

አካሉን ጥጎቹ ከለዘቡ አራት ማዕዘን ጀመርኩ፤ ሸክም የሚችል፣ የማይወድቅ ይምሰል ብዬ። ጭንቅላቱ፣ ሆዱና ጉልበቱ ክብ ሆኑ። ሹል ነገር የተውኩለት የጆሮዎቹን ጫፍ ብቻ ነው። ፊቱ ላይ ሳቅም ኀዘንም አልጫንኩበትም፤ ለሁለቱም የሚሆን ለስላሳ ፊት ሰጠሁትና ስሜቱን ጆሮው፣ አንገቱና ትከሻው እንዲናገሩ ተውኩ። ጥላውን መስታወቱ ላይ ስንለጥፈው መጠየቅ እንኳ አላስፈለገንም። አንድ ወያላ ከሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ፣ «አህያዋ፣ ወደ አምቦ ናት?» ብሎ እየጮኸ አለፈ።

ባልደረባዬ ግን ከሳቁ በኋላ ፊቱን አጨማደደ። «ቆንጆ ነው። ግን ልጄን አህያ አሉብኝ የሚል ወላጅ ይመጣብሻል።»

አውቄዋለሁ። በአማርኛ አህያ ከእንስሳነቱ ይልቅ ስድብነቱ ይቀድማል። ቢሆንም ወሩ ሲሞላ ይዤው ሱሉልታ ሄድኩ።

መምህሯ ጥላውን አይተው በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ስሜቶቹን የሳልኩበትን ወረቀት አንሥተው ፊቶቹን ሁሉ በሌላ ወረቀት ሸፈኑ፤ የቀሩት ጆሮዎች ብቻ ናቸው። «ተደሰተ» አሉ እየጠቆሙ። «ተጠራጠረ። ፈራ። ይሄ... አፈረ። ይሄ ተኩራራ።» ሁሉንም አገኟቸው። የሰበታው ልብስ ሰፊ ወደ ፊት ተጎነበሰና፣ «የለበሰው ሰው ጆሮውን በምን ያንቀሳቅሰዋል?» አለ፤ ራሱ ወዲያው መለሰ። «የብስክሌት ፍሬን ገመድ። አንዱ በቀኝ እጅ፣ አንዱ በግራ። ይቻላል።»

በመጨረሻ አሰልጣኙ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ልጄ፣ ሥራሽ ጥሩ ነው። ነገር ግን በዝናብ በጭቃ የማሮጣቸውን ልጆች አህያ ላስብላቸው? የመጨረሻ የሚወጣውን ልጅ አስቢው። ምን ብለው እንደሚጠሩት።»

እውነት ነበር የተናገሩት። «እውነትዎን ነው፣ ጋሼ» ብዬ ወረቀቴን መሰብሰብ ጀመርኩ።

«ቆዪ» አሉኝ። የተጠራጠረውን ሥዕል፣ አንድ ጆሮው ቆሞ አንዱ የወደቀውን፣ ጎትተው አወጡ። ለሰፊው በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉትና ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ይሄ ሃሬ፣ ትልቅ አህያ፣ አይደለም፤ ልጁ ነው። ውርንጭላ! ለምን አሳደግሽው? እግሩ ይርዘም፣ ወገቡ ይጠር። ሲሮጥ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«በደንብ አላየሁም።»

ተነሡ። ያ ሁሉ ሰው የሚፈራቸው አሰልጣኝ፣ ጃኬታቸውን ከፍ አድርገው፣ አራቱን እግር በሁለቱ አስመስለው፣ አዳራሹ መሃል እንደ ሞላ ነጠር ነጠር እያሉ ዞሩ። ቆም ብለው ወደ ጎን ዘለሉ፤ መሬቱ ያስደነገጣቸው ይመስል። መምህሯ እስኪያለቅሱ ሳቁ። እኔ እሳል ነበር። እግሮቹን ለጠጥኩ፣ ገላውን አሳጠርኩ፣ ጭንቅላቱ ገዘፈ፤ ጆሮዎቹ በትንሽ አካል ላይ ሲሆኑ ይበልጥ ትልቅ ሆኑ። አራት ማዕዘኑ ወደ ክብ ተጠጋ። መምህሯ ሥዕሉን ድፍን ጥቁር አድርገው ግድግዳው ላይ ሲያሳዩት ከኋላ የተቀመጠው ባለ አንበሳው ወጣት ነው ቀድሞ የተናገረው፤ «ውርንጭላ!» አለ፣ ፈገግ እያለ።

የገረመኝ ያ ፈገግታ ነው። አህያ ሲባል የሚኮሳተረው ፊት፣ ውርንጭላ ሲባል ይፈታል። እንስሳው ያው ነው፤ እኔ ግን ቅርጹን ሳስተካክል ቃሉም አብሮ ተስተካከለልኝ።

ውርንጭላው ተመረጠና ስፌቱን ለማየት ሰበታ ተመላለስኩ። ቀጭን ረጅም እግር ወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ አዋቂ ሰው ሲለብሰው ግን እግሩ ወፍራምና አጭር ሆኖ ይታያል። ሰፊውና እኔ ብዙ ተጨቃጨቅን። በኋላ የሆዱን ስፖንጅ ከፍ አድርጎ ደረት አካባቢ ጨረሰውና ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ በአንድ ቀለም ሰፋው። ወገቡ ወደ ላይ ሲሸሽ እግሩ ረዘመ። ጭንቅላቱን መጀመሪያ ያጠለቅሁት እኔ ነኝ። ውስጡ ይሞቃል፣ የሚታየውም በአፉ ቀዳዳ ብቻ ነው። የፍሬኑን እጀታ ጨበጥ ሳደርግ ሰፊው፣ «ኧረ አትዘኚ፣ አልቋል እኮ!» አለኝ። ጆሮው ወድቆ ነበር።

በሩጫው ቀን ሱሉልታ ብርድ ነበር። ውርንጭላውን የለበሰው አሰልጣኙ ከሚያሰለጥኗቸው ወጣቶች አንዱ፣ ጉልበቱን ተጎድቶ ከልምምድ ያረፈ ሯጭ ነው። ልጆቹ ገና ከመንገድ ማዶ ሳሉ «ውርንጭላ! ውርንጭላ!» እያሉ መጡ። አንዲት ትንሽ ልጅ ግን መነሻው ላይ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ፤ እናቷ ብታባብላትም እንቢ አለች። ውርንጭላው ከፊቷ ተንበረከከ። አልነካትም። ሁለቱን ጆሮዎች ቀስ አድርጎ ጣለ፣ አንገቱን ዘመም አደረገ። ልጅቷ ለቅሶዋን አቁማ አየችው። ከዚያ አንዱን ጆሮ ብቻ፣ ትንሽ፣ ቀና አደረገ። እንደሚጠይቅ።

ልጅቷ እጇን አፍንጫው ላይ አሳረፈች። ከዚያ ተነሥታ ሮጠች፣ እያነከሰች፣ ሌሎቹ ሁሉ ካለፉ በኋላ። አሰልጣኙ ከጎኔ ቆመው ያዩ ነበር። «የሚቀጥለውን ስትስዪ» አሉኝ ዓይናቸውን ከሜዳው ሳያነሡ፣ «ልጆቹ እዚህ ሲለማመዱ መጥተሽ ተቀመጪ። ሰውም ሲሮጥ እኮ የራሱ ቅርጽ አለው።»

አሁን ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሱሉልታ እሄዳለሁ። ሜዳው ዳር ተቀምጬ እስላለሁ።