ጋሽ ሽበሺ «መልካም ጠባይ»ን የተዉበት ሰኔ

ጋሽ ሽበሺ ሰው ማስቀየም አይችሉም ነበር። አይችሉም ስል እንደ ሕመም ነው የምላችሁ። አዋሳ ሐይቅ ዳር ባለው የመንግሥት ሆቴል የመኝታ ክፍሎች አለቃ ሆነው በኖሩበት ዘመን ሁሉ አንድም ሰው ተቆጥተው አያውቁም። አንዱ የወጥ ቤት ሠራተኛ የሾርባ ድስት ሲደፋ «አይዞህ፣ ወለሉም ይርበዋል» ያሉ ናቸው። እኔ ታቢታ የሆቴሉ ታይፒስት ነበርኩ። ቁጡ ነኝ፣ አልደብቅም፤ የእሳቸው ደግነት ደግሞ ጣቶቼን ነው የጨረሰው።

በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ የሠራተኛውን የሥራ ክንውን መግለጫ ይጽፋሉ፣ እኔ በታይፕ እመታለሁ። ለሁሉም አንድ ነው፦ «መልካም ጠባይ ያለው፣ ታታሪ፣ ታዛዥና ለሥራው ፍቅር ያለው ጓድ ነው።» ለሴት ሲሆን «ያላት» ይላሉ፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። አንድ ዓመት ሥራ ለቆ አገሩ የገባውን አትክልተኛ «ከሥራ ገበታው የማይጠፋ» ብለው አስመትተውኛል። «ጋሽ ሽበሺ፣ ሰውየው እኮ የለም» ብላቸው «ታዲያ ለሌለ ሰው ክፉ ይጻፋል?» አሉኝ።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ግን ደግነታቸው ሰው ሊጎዳ ሆነ። የክፍል አጽጂዎችና የልብስ ማጠቢያው ኃላፊ ጡረታ ወጡና ለቦታው ሁለት ሰዎች ተወዳደሩ። አንደኛዋ አባይነሽ ናት። ኃላፊው ገና ሳይወጡ ጀምሮ ሥራውን የምትሠራው እሷ ነበረች፤ ፊቷ ግን እንደ እሑድ ሱቅ ሁልጊዜ ዝግ ነው። ሌላው ፍቅርተማርያም ነው። ጥርሱ ነጭ፣ አንደበቱ ማር፣ በፖለቲካ ውይይት ክበብ ላይ ጥያቄው ሳያልቅ እጁን የሚያወጣ። ጋሽ ሽበሺ ለሁለቱም ያችኑ «መልካም ጠባይ» ጽፈው ላኩ።

በማግስቱ ወረቀቶቹ ከዕድገት ኮሚቴው ተመለሱ። ሊቀ መንበሩ ጓድ ደረሰ ከሥር በቀይ ጽፎበታል፦ «ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ከስማቸው በቀር አልተለዩም። እያንዳንዳቸው ምን እንደ ሠሩ ተገልጾ እስከ ዓርብ ይቅረብ። ካልቀረበ ኮሚቴው በውይይት ክበብ ተሳትፏቸው ይመርጣል።»

ይኼ ማለት ፍቅርተማርያም ማለት ነው። እኔ ደሜ ፈላ። «ጋሽ ሽበሺ፣ የአባይነሽን እንጀራ በ‹ታታሪ› ሊያሳጧት ነው!» አልኳቸው።

«እኔ እኮ አመሰገንኳት» አሉ፣ ግራ ገብቷቸው።

«ሁሉን ያመሰገነ ማንንም አላመሰገነም።»

ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭንቅላታቸውን አሻሹ። ቀጥሎም እንደ አዲስ ምልምል ወታደር ተነሡና «በይ እንግዲህ፣ ማስረጃ እሰበስባለሁ» ብለው ወጡ። ቢቀሩ ይሻል ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ሽበሺ እርሳስና ወረቀት ይዘው ከአበባው አጥር ኋላ ቆሙ። ሰው ሲያልፍ ይጽፋሉ። በዚያ ዘመን አጥር ተከልሎ የሚጽፍ ሰው ጆሮ ጠቢ መሆኑን መንገር አያስፈልገኝም። ወጥ ቤቱ ጭር አለ። ዘበኛው ኩማ ማንም ሳይጠይቀው መታወቂያውን አውጥቶ ይዞ ቆመ። ፍቅርተማርያም ደግሞ ከሩቅ አያቸውና ሳቅ ጀመረ፤ ባልዲ ሲያነሳ ይስቃል፣ መወልወያ ሲጨምቅ ይስቃል፣ ባዶ ኮሪደር ውስጥ ብቻውን ይስቃል። አባይነሽ ግን ከነአንሶላ ክምሯ መጥታ ከአጥሩ ፊት ቆመችና «ጋሽ ሽበሺ፣ ፀሐይ መታዎት እንዴ?» አለቻቸው።

በምሳ ሰዓት ወረቀቱን አመጡልኝ። «ፍቅርተማርያም ከጠዋት እስከ ምሳ በፈገግታ ሲሠራ ታይቷል። አባይነሽ አልሳቀችም፤ ስለ ጤናዬ ግን ጠይቃኛለች» ይላል።

«ሳቁ አልጋ አነጠፈ?» አልኳቸው።

«ቀኑን ጽፌያለሁ፣ ቦታውን ጽፌያለሁ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚህ በላይ ማስረጃ ምን አለ?»

«ጋሽ ሽበሺ፣ ያዩት ጥርስ ነው። ቦታው የአንሶላና የሰው ኃላፊነት ነው። ደግሞስ የበጀት ዓመቱ ዛሬ ጠዋት ነው የጀመረው? ሐምሌ ላይ ነው የጀመረው!» ይኼን ያህል ጮኼ አላውቅም፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ሰውየው አባቴ ይሆናሉ። ደግነቱ አልተቀየሙም። ወንበር ስበው ተቀመጡና «እሺ ጠይቂኝ» አሉ።

ጠየቅኳቸው። አባይነሽ ታታሪ ናት ሲሉ ምን ስታደርግ አይተው ነው? መቼ? ባታደርገው ምን ይሆን ነበር? ከእርስዎ ሌላ ማን አየ? መጀመሪያ «እንዴ፣ ሁሉም ያውቃታል» ብቻ ይላሉ። ሁሉም የሚያውቀውን ማንም አልጻፈውም። ቆይተው ግን የሚያዝያው ጎርፍ ትዝ አላቸው፣ ዓይናቸውም በራ።

ያን ቀን ዝናቡ የልብስ ማጠቢያውን አጥለቅልቆ መብራትም ጠፍቶ ነበር። ከአዲስ አበባ ለስብሰባ የሚመጡት እንግዶች ማታ ይገባሉ፤ አንሶላው በሙሉ ርጥብ ነው። አባይነሽ ማንም ሳያዛት አንሶላውን የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ አሰጣችው፤ እዚያው አዋሳ አዲስ ከተማ ሰፈር ካሉት ልብስ ሰፊዎች የከሰል ካውያ ተውሳ ስትተኩስ ዋለች። እንግዶቹ ሲደርሱ ያልተነጠፈ አልጋ አልነበረም።

«ይኼው!» አልኩ። «‹ታታሪ› ማለት ይኼ ነው። ይጻፉት።»

ጻፉ። የአንድ ቀን ሥራ ብቻውን የዓመት እንዳይመስል ሌላም ጨመሩ፦ ከጥቅምት ጀምሮ ፎጣ በተረኞች ፊት ተቆጥሮ እንዲረከቡ ስላደረገች፣ በየወሩ ይቀርብ የነበረው የፎጣ መጥፋት አቤቱታ መቆሙን። ደካማ ጎኗንም እየፈሩ ጻፉ፦ ለእንግዳ ሰላምታ እንደማትሰጥ፣ ሁለት እንግዶችም በዚህ ቅር ተሰኝተው ማመልከታቸውን። «መጥፎ ጠባይ» አላሉም። ላባቸውን እየጠረጉ «ይኼን ስታነብ ትገድለኛለች» አሉ።

አንድ ነገር ግን ዘለሉ። አንሶላው የተሰጣው በመፈክሩ ገመድ ላይ ነበር፤ «ምርታማነት ይደግ!» የሚለው ቀይ ጨርቅ በተሰቀለበት። መፈክር አውርዶ አንሶላ መስቀል በኮሚቴ ፊት ምን ተብሎ ይተረጎማል? «አመቺ ስፍራ ፈልጋ» ብለው አለፉት። እኔም አልተቃወምኩም፤ ቁጡ ነኝ እንጂ ሞኝ አይደለሁም።

ሠራተኛው መግለጫውን አንብቦ መፈረም አለበት። አባይነሽ በየዓመቱ ሳታነብ ነበር የምትፈርመው፤ የሚነበብም አልነበረበትም። ሐሙስ ዕለት እጇን አድርቃ ገባች፣ እስክሪብቶውን አነሳች፣ ዓይኗ ግን የመጀመሪያው መስመር ላይ ወደቀና ቀረ። ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ጋሽ ሽበሺ ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ።

«ሰላምታው እውነት ነው» አለች። «እለማመዳለሁ። ግን ይኼ ስሕተት አለበት።»

«የቱ?» አሉ ጋሽ ሽበሺ።

«‹አመቺ ስፍራ› ምንድን ነው? ገመዱን ለምን ተዉት? ደግሞ ገመዱን አይቶ ያሳየኝ ኩማ ነው። መሰላሉን የያዘልኝም እሱ ነው። እኔ ብቻዬን እንደሠራሁ ተደርጎ ከተጻፈ አልፈርምም።»

«ልጄ፣ የመፈክር ገመድ እኮ ነው!»

«ታዲያስ? መፈክሩን አውርጄ፣ አጣጥፌ በንጹሕ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ማታ ከመሄዴ በፊት መልሼ ሰቀልኩት። ሲሰቀልስ እርስዎ አልነበሩም? ‹ወደ ግራ ዘሟል› ብለው ያስተካከሉኝ!»

ጋሽ ሽበሺ አሰቡ። በእርግጥ ብለዋል። እኔ እንደገና መታሁት፤ ገመዱም፣ ኩማም፣ ጠረጴዛውም፣ መዝመሙም ገባ። አባይነሽ ፈረመች። እውነቱን ልናገር፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ዓርብ ኮሚቴው ተቀመጠ፤ እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። ጓድ ደረሰ የፍቅርተማርያምን አስቀድሞ አነበበ። ጋሽ ሽበሺ እሱንም በፍትሕ ነበር የጻፉት፦ ውኃ በተቋረጠ ጊዜ ተቆጥተው ሊወጡ የነበሩ እንግዶችን አነጋግሮ አረጋግቶ፣ ራሱ ውኃ በባልዲ ወደ ክፍላቸው እንዳመላለሰ። ስለ አንሶላና ስለ ተረኛ ቁጥጥር ግን የሚጻፍ አላገኙም፤ አልፈጠሩም። ቀጥሎ የአባይነሽን አነሳ። አንብቦ አንብቦ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«በመፈክሩ ገመድ ላይ?» አለ ቀና ብሎ።

ጋሽ ሽበሺ ተነሡ። የድሮው ጋሽ ሽበሺ ቢሆኑ «መልካም ጠባይ ያላት ናት» ብለው ይቀመጡ ነበር።

«አዎን ጓድ። መፈክሩ አስቀድሞ ወርዷል፣ ታጥፏል፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ማታ ተመልሶ ተሰቅሏል። ሲሰቀል ቆሜ አይቻለሁ። ትንሽ ወደ ግራ ዘሞ ነበር፣ አስተካክለናል።»

«ጠረጴዛው ንጹሕ ነበር?»

«ተወልውሎ ነበር፣ ጓድ።»

ጓድ ደረሰ ወረቀቱን እንደገና አየ። «ያን ቀን እንግዶቹን ተቀብዬ እኔም እዚሁ አድሬያለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «በዚያ ብርድ አንሶላው ለብ ያለ ነበር። ምን ተአምር ነው ብዬ ነበር።» ወረቀቱን አስቀመጠ። «ምርታማነት እንግዲህ ይኼ አይደል?» ማንም አልሳቀም፣ ለመሳቅ ፈቃድ የጠየቀም አልነበረም፤ እኔ ግን ሳቄን ልይዝ ስል ቃለ ጉባኤው ላይ ቀለም ደፋሁ። ኮሚቴው ቦታውን ለአባይነሽ ሰጠ፤ ፍቅርተማርያም ከነጥርሱ እንግዳ መቀበያ እንዲዛወርም ሐሳብ አቀረበ።

ለአባይነሽ ልነግራት ልብስ ማጠቢያው ድረስ ሮጥኩ። ካውያ ይዛ ነበር። «አለፍሽ!» ብዬ አቀፍኳት። ስለ ደመወዙ ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ ካውያዋን አስቀመጠችና «ታቢታ፣ የዚያ ወረቀት የካርቦን ግልባጭ ቀርቶልሻል?» አለችኝ።

«ምን ያደርግልሻል?»

«ባሌ ሁልጊዜ ‹አልጋ ስታነጥፊ ትውያለሽ እንጂ ምን ትሠሪያለሽ?› ይለኛል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መልስ አጥቼለት ነበር።» ዓይኗን በአንሶላው ጫፍ ጠረገች። «ዛሬ ቁጭ አድርጌ ላነብለት ነው።»