ቀን የሌላት ዓረፍተ ነገር

በሰፈሩ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «አንቀጽ» ነው የሚሏት። ሃያ ዓመት ሙሉ የሥራ ውል ስትተይብ የኖረች ሴት ናት፤ መጀመሪያ በፕላስቲክ ፋብሪካ፣ አሁን ደግሞ በቀለም ፋብሪካ፣ በሁለቱም የሠራተኛ አስተዳደር ጸሐፊ። እናም አዲስ ሥራ ያገኘ ጎረቤት ሁሉ ከመፈረሙ በፊት ውሉን ይዞ በሯን ያንኳኳል። «አንቀጽ አለች?» ይላል። አለች፤ የት ትሄዳለች? ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ያላት አንዲት ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛና ጫፉ በደንብ የተቀረጸ እርሳስ ነው።

ደግሞ ትችልበታለች። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያለች ነው የምትጀምረው፤ መነጽሯን ታደርግና ሌላውን ሁሉ ዘላ ስለ ክፍያ የሚያወራውን አንቀጽ ትፈልጋለች። ስንቱን ከጉድጓድ አውጥታለች! ለጥበቃ ሠራተኛው የሌሊት ተረኛ አበል የተረሳበትን አግኝታለታለች፤ ለፀጉር አስተካካይዋ ልጅ ደግሞ «ይህን ከፈረምሽ የወር ደመወዝሽ በአለቃሽ ፀባይ ነው የሚወሰነው» ብላ ወረቀቱን አስመልሳታለች። አንድም ቀን ሳንቲም ተቀብላ አታውቅም። የምትቀበለው ምስጋና ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ምስጋና ትወድ ነበር።

ታናሽ ወንድሟ ውሉን ይዞ የመጣው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። አሥራ አንድ ዓመት በወለል ንጣፍ መደብር ሻጭ ሆኖ ሠርቷል፤ ምላሱ ድንጋይ ያሸጣል ይሉታል። አሁን የውሃ ፓምፕ የሚያስመጣ ድርጅት ፈልጎታል። ፊቱ በርቷል፤ ግን ሥራው ብቻ አይደለም ያበራው፣ ቤት አይቷል። እናታቸው ከእሱ ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው፤ ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ ሁለት ዓመት ሆኗታል፣ መሬት የረገጠችው ሐኪም ቤት በተወሰደች ቀን ብቻ ነው፣ እሱንም በወንበር ተሸክመዋት። ወንድሟ ያየው ቤት ምድር ላይ ነው፤ በሩ እንደተከፈተ ግቢ አለው። ኪራዩ ግን አሁን ከሚከፍለው እጥፍ ነው።

«እትዬ፣ እንዳትቸኩይ» አላት ወረቀቱን እያስቀመጠ። «በደንብ እይልኝ። እማዬን የማወርደው በዚህ ወረቀት ነው።»

«ዝም በል፣ ላንብበው።»

አንቀጽ ሰባት፣ ክፍያ። እርሳሷን አነሳች። «መሠረታዊ ደመወዝህ ይኸው። ከድሮው ይሻላል፣ ግን ያን ያህል አይደለም። በሙከራ ጊዜ የዚህን ሰባ በመቶ ነው የሚከፍሉህ። ሙከራው ስንት ወር ነው?» ወደ አንቀጽ ሦስት ገለጠች። «ሦስት ወር። እሺ። ተለዋዋጭ ክፍያ፣ 'እስከ መሠረታዊ ደመወዙ ግማሽ'። አየህ? 'እስከ' ነው የሚለው። ግማሽ እሰጥሃለሁ አላለህም፤ ከግማሽ አላልፍም ነው ያለህ። በየሩብ ዓመቱ ይታሰባል፣ የሽያጭ ዕቅድህን ከመታህ ነው፣ በሚከፈልበት ቀን ደግሞ ሥራ ላይ መገኘት አለብህ። በሙከራ ጊዜ የለም።»

«ዕቅዱን ማነው የሚያወጣው?»

«ጎሽ! እሱን ነው መጠየቅ። አልተጻፈም። ሂድና 'በመጀመሪያው ወር ውስጥ በጽሑፍ ይሰጠዋል' የሚል አስጨምር። ደመወዝህ በየዓመቱ ይገመገማል ይላል፤ ይገመገማል ማለት ይጨመራል ማለት አይደለም፣ እሱን አትጠብቅ።»

ከዚያ በታች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። ዓይኗ አየቻት፤ እርሳሱ ግን አልቆመም። ሺህ ጊዜ የተየበቻት ዓይነት ነገር ነበረች፤ ሰው የቤቱን ደረጃ ሲወጣ እንደማይቆጥረው እሷም አለፈቻት።

«እንግዲህ» አለች መነጽሯን አውልቃ፣ «ሦስት ወር ጥርስህን ነክሰህ ቻል። ከአራተኛው ወር ሙሉ ደመወዝ ነው። ከሰባተኛው ወር ደግሞ ዕቅድህን ከመታህ ተለዋዋጩ ይመጣል።»

«ቤቱን ልከራየው?»

«ተከራይ» አለች።

ድርጅቱ ስለ ዕቅዱ ያለችውን ያለ ክርክር ጨመረ። ወንድሟ ፈረመ፤ እናታቸውም ወረደች። ሦስቱን ወር አንቀጽ ካጠራቀመችው እያወጣች በኪራዩ አገዘች። እናታቸው በር ላይ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ትላለች፤ በሳምንቱ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ አወቀች። በአሮጌ ጣሳ ቲማቲም ተከለች። «ልጆቼ፣ እግዜር ይስጣችሁ፤ እዚያ ላይ እኮ የርግብ ጎረቤት አድርጋችሁኝ ነበር» ትላለች። አንቀጽ እሑድ እሑድ እየሄደች ያንን ስታይ ልቧ ይሞላል። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ ትላለች በሆዷ።

አራተኛው ወር መጣ። ወንድሟ ሥራ ቦታዋ ድረስ ደወለላት። «እትዬ፣ ሰባ በመቶ ነው የገባው።»

«ሒሳብ ክፍሎች ተሳስተው ነው። ነገ ጠይቃቸው።»

አልተሳሳቱም ነበር። በአምስተኛውም ያው፣ በስድስተኛውም ያው፤ ሰባተኛውም ገባ። ዕቅዱን ከመምታት አልፎ ከሻጮቹ ሁሉ አንደኛ ወጥቷል፤ ተለዋዋጭ የሚባል ነገር ግን ዓይኑን አላየም። አንቀጽ ውሉን አስመጥታ እንደገና አነበበች፤ በዚህ ጊዜ ከእርሳሱ ጋር ጣቷንም በመስመሩ ላይ እያስኬደች። እዚያ ነበረች፤ ከግምገማው በታች፦ «የሙከራ ጊዜ ክፍያ የሠራተኛው አፈጻጸም ተገምግሞ ቋሚነቱ በጽሑፍ እስኪረጋገጥለት ድረስ ይቀጥላል።»

ሦስት ወር የሚለው ሙከራውን እንጂ ክፍያውን አልነበረም። ክፍያውን የሚያስቆመው ወረቀት ነው፤ ወረቀቱን የሚጽፈው የሽያጭ ኃላፊው ነው፤ የሽያጭ ኃላፊው ደግሞ፣ ወንድሟ እንደነገራት፣ በሁለተኛው ወር ሥራ ለቋል። ዓረፍተ ነገሯን ደጋግማ አነበበቻት፤ ባነበበቻት ቁጥር የበለጠ የምታውቃት መሰላት።

በማግሥቱ ፈቃድ ጠይቃ ወደ ድርጅቱ ሄደች። የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው ከጠረጴዛው ተነስቶ በሁለት እጁ ጨበጣት፤ በፕላስቲክ ፋብሪካው አብሯት የሠራ ሰው ነበር።

«አንቺ ሴት! ስንት ዘመን! ተቀመጪ እንጂ!»

ተቀመጠች። የመጣችበትን ነገረችው። አንገቱን ነቀነቀ፤ ከልቡ ያዘነ ይመስል ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህ ነው ነገሩን የሚያከፋው።

«ወንድምሽ መሆኑን አላወቅኩም። ጎበዝ ልጅ ነው። ግን ኃላፊ የለንም፤ ተጠባባቂው መገምገም እንጂ መፈረም አይችልም። አዲሱ እስኪቀጠር ነው።»

«መቼ ነው የሚቀጠረው?»

«እንጃ። የበላዮቹ አልቸኮሉም። ለምን ይቸኩላሉ? የኃላፊውን ፊርማ የሚጠብቁት ስድስቱም ሻጮች በሰባ በመቶ ነው የሚሠሩት።»

«ሲፈረምለት ያለፈው ይታሰብለታል?»

«ወደ ኋላ አይሄድም። ተለዋዋጩም ቋሚ ከሆነበት ሩብ ዓመት ወዲህ ነው የሚሰላው። መክሰስ ይችላል፣ መብቱ ነው። ግን ፈርሟል፤ ክርክሩም ዓመት ይፈጃል።»

የቤት ኪራይ ደግሞ ወር እንጂ ዓመት አይጠብቅም። «ቢያንስ ቀን መኖር ነበረበት» አለች። «ግምገማው በዚህ ቀን ካልተደረገ ሙሉው ይከፈላል የሚል። እንዴት ቀን ሳይኖረው ይጻፋል?»

ሰውየው ገርሞት አያት፤ ከዚያ ሳቀ። «አላስታወስሽም? ዓረፍተ ነገሯ ያንቺው እኮ ናት! ያኔ የአንድ መካኒክ ሙከራ አልቆ የሚገመግመው ፎርማን ፈቃድ ላይ ስለነበረ፣ ሙሉ ደመወዝ ይከፈለው አይከፈለው ብለን ከሒሳብ ክፍል ጋር የተጨቃጨቅን ጊዜ። ሥራ አስኪያጁ 'ማንም ተነስቶ እንዳይጠይቀን አድርገሽ ጻፊ' ሲልሽ አሥር ደቂቃ አልፈጀብሽም። እኔ እዚህ ስመጣ ቅጹን በፍላሽ ይዤው መጣሁ፤ አንዲት ቃል አልነካሁባትም። ሌሎቹም ከኔ ወስደዋል። ቀን ባለማስቀመጥሽ እኮ ነው ሁላችንም ጎበዝ ያልንሽ።»

አስታወሰች። ሥራ አስኪያጁ በሰው ሁሉ ፊት «የዚች ሴት እጅ ወርቅ ነው» ማለቱን፣ እሷም በዚያ ቀን ደስ ብሏት ለእናቷ ጫማ መግዛቷን ጭምር። መካኒኩ ከዚያ በኋላ ምን ያህል ጊዜ በሙከራ ክፍያ እንደቆየ ግን አላስታወሰችም። ጠይቃም አታውቅም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ሲባል ትስቅ ነበር፤ ለካ ያረረው ከእጇ የወጣ ነው።

የድሮው መደብር በወንድሟ ቦታ ሌላ ሰው ቀጥሯል። እሷ ያጠራቀመችው አለቀ፣ ከሥራ ባልደረቦቿ የተበደረችውም አለቀ። በዘጠነኛው ወር አከራዩ በትሕትና፣ ግን በቁርጥ፣ ተናገረ። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችው የድሮዋ ክፍል እስካሁን ተከራይ አላገኘችም ነበር፤ ማን ይመኛታል?

እሑድ ጠዋት ዕቃው ቀድሞ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣ። ከዚያ እናታቸውን በእንጨት ወንበሩ ላይ አስቀመጧት፤ ወንድሟ ከኋላ የወንበሩን መደገፊያ፣ አንቀጽ ከፊት እግሮቹን ይዛ። እናታቸው የቲማቲሙን ጣሳ በጭኗ ላይ አድርጋዋለች። አላለቀሰችም። «ቀስ በሉ፣ ወገባችሁን» ትላቸዋለች ብቻ።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆም አሉ፤ ወንድሟ ላቡን በትከሻው ጠረገ። «የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ» አለ። ወንበሩን አነሱና ደረጃውን እስከ መሃሉ ወጡ። «እኔ የሚገርመኝ ግን እትዬ፣ አንቺ ምን ታደርጊ፣ አንቺማ አንብበሽልኛል። እኔ የሚገርመኝ እንዲህ ያለውን ነገር ቁጭ ብሎ የሚጽፈው ሰው ነው። ልጅ የለውም? እናት የለውም?»

አንቀጽ ቀና አለች። ከእናቷ ጉልበቶች በላይ የወንድሟ ፊት ይታያል፤ ቀልቷል፣ አርጅቷል። ዝም ብትል ማንም አያውቅም ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምኑ?»

«ያቺን ዓረፍተ ነገር የጻፍኳት እኔ ነኝ። በፕላስቲክ ፋብሪካ። ቀን እንዳይኖራት አድርጌ የጻፍኳት እኔ ነኝ።»

ወንድሟ አያት። የወንበሩ እግር በእጇ ላይ ከበደ። እናታቸው ጣሳውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች፤ አንድ ጊዜ ወደ ወንድ ልጇ፣ አንድ ጊዜ ወደ ሴት ልጇ ተመለከተች። በደረጃ መሃል ወንበር አይቀመጥም፣ የሚለቀውም የለም። ወንድሟ ዓይኑን ከእሷ ላይ ነቅሎ የሚቀጥለውን እርከን ከኋላው በእግሩ ፈለገ።

«ያዢው» አላት። ያዘችው፤ የቀረውን ደረጃ ወጡት።