ግማሽ ሰዓት ከነሰላምታው

ባሕር ዳር ዶሮ ማርባት ከጀመርሁ ወዲህ ስልኬ ዕረፍት አያውቅም ነበር። ከመራዊ ከደልጊ የማላውቀው ሰው ሁሉ እየደወለ ጫጩቶቹ በረዳቸው፣ መኖ አልበላ አሉ ይለኛል። ምሳዬ እየቀዘቀዘ እመልሳለሁ። ባለቤቴ አንድ ቀን፣ «ለምክርሽ አንቺ ዋጋ ካላወጣሽ እኔ አወጣለሁ» አለኝ። አፈርሁ። ቸግሮት የደወለን ሰው እንዴት ክፈል እላለሁ? ሰንብቼ ግን ተሸነፍሁ።

ማስታወቂያውን አብረን ጻፍን። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት፣ በቀጠሮ፣ ግማሽ ሰዓት፣ ሁለት መቶ ብር ቀድሞ በስልክ የሚላክ። የዶሮ ቤታችሁን ፎቶ ከቀጠሮው በፊት ላኩ። ስለ ቤት፣ ስለ ሙቀትና ስለ መኖ እመክራለሁ፤ በሽታ የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው። ታተርፋላችሁ ብዬም ቃል አልገባም። የመጨረሻዋን ያስገባኋት እኔ ነኝ፣ ኋላ እንዳልረገም።

የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ሐሙሲት ከተማ በንግድ የኖሩ እናት ነበሩ። ከፍሎ ቀጠሮ የያዘላቸው ልጃቸው ነው። ስልካቸው ካሜራ የሌለው ባለቁልፍ ስለሆነ ፎቶ አልላኩም። ጫጩቶቹ የሚገቡላቸው በማግስቱ ነበር።

በቀጠሮው ሰዓት ደውለው «አሰላሙ ዐለይኩም» ብለው ጀመሩ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ባለቤቴ፣ ስለ ሐይቁ ንፋስ ሳይቀር ጠየቁኝ። እኔ ሰዓት አያለሁ። ትዕግሥት አልፈጠረብኝም፤ የተከፈለበት ጊዜ ደግሞ በሰላምታ ሊያልቅ ነው። «ወደ ጫጩቶቹ እንግባ» ልል አፌን ከፈትሁ፤ ግን የትልቅ ሰው ሰላምታ ማቋረጥ አልሆነልኝም። በወጉ መልሼ ጠየቅሁ።

«እርስዎስ እንዴት ሰነበቱ? ብርዱ እንዴት ይዞዎታል?»

«አልሐምዱሊላህ፣ እኔስ ሞቆኛል ልጄ። አሁን ጫጩቶቹ ክፍል ነኝ፤ ነገ ሲመጡ እንዲሞቃቸው ከሰል አንድጄበታለሁ። መስኮቱን በላስቲክ፣ የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ደፈንሁት። ዛሬ እዚሁ አድራለሁ፤ ወገቤንም ሙቀቱ ይበጀዋል።»

ክው አልሁ። «ስልኩን ሳይዘጉ በሩን ከፍተው ይውጡ።»

«ፍም ሆኗልኮ፣ ጭስ እንኳ የለውም።»

«የሚገድለው ጭሱ አይደለም እማማ። የሚገድለው አይታይም፣ አይሸትም። ይውጡልኝ።»

በሩ ሲከፈት ሰማሁ። ልጃቸውን ጠሩትና የከሰል ምድጃውን አወጣው። ከዚያ ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው፤ ምድጃው ተመልሶ ከመግባቱ በፊት አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ከጣራው ሥር ይከፈት፣ ከታች ግን ንፋስ ጫጩቶቹን አይምታ። ጫጩቶቹ ከተቃቀፉ በርዷቸዋል፣ ከእሳቱ ከሸሹ ሞቋቸዋል። እዚያ ክፍል ማደር የለም።

«ልጄኮ ለጫጩቶቹ ብሎ ነበር የከፈለው» አሉ።

ግማሽ ሰዓቱ ካለፈ ቆይቷል። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮዬን የምቆጥረው ሰላምታው ካለቀ በኋላ ነው። ባለቤቴ ከሳሪ ነጋዴ ይለኛል፤ ይበለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ቀድሜ የደወልሁት እኔ ነኝ። ስልኩ ሲጠራ ቆየ።

«እንዴት አደሩ?» አልሁ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና አደርሁ።»

ሰው ሁሉ በየጠዋቱ የሚለው ነው። እኔ ግን ተመስገን ብዬ ወለሉ ላይ ቁጭ አልሁ፤ እንባዬ መጣ።