ቢጫዋ መብራትና የአንኮበር ዳገት

ለዘመድ መኪና ነፍጌ አላውቅም፤ የምነፍገው ቤንዚን ነው። ደብረ ብርሃን ላይ መኪና የያዘ ሰው የዘመዱን ሁሉ ሰርግና ለቅሶ ይዞ ነው የሚዞረው። እኔም ዘዴ አበጀሁ፦ ታንከሩን ሁልጊዜ አንድ ሐሙስ እንደቀረው አድርጌ አቆማለሁ። ቁልፍ የጠየቀኝን አልከለክልም። ቢጫዋን መብራት ያያል፣ የማደያውን ሰልፍ ያስባል፣ ራሱ ቁልፌን ይመልስልኛል። እንዲህ እያልኩ ሳልዋሽ ዓመታት ኖርኩ።

መካኒኬ ግን ነገሩ አልጣመውም። ፓምፑ ታንከሩ ውስጥ ቤንዚን ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው፣ የሚያቀዘቅዘውም የሚያለሰልሰውም ያው ቤንዚኑ ነው፣ ሲያንስበት አየር እየሳበ ይግላል፣ ውስጡም ይበላል አለኝ። በእርግጥ ከኋላ ወንበር ሥር ቀጭን የሚያላዝን ድምፅ መስማት ከጀመርኩ ወራት ሆኖኝ ነበር። ሬዲዮኑን ከፍ አደረግኩት።

ጫጩት ነው የምነግደው። አንድ ቀን ደንበኛዬ ከአንኮበር የመጡ ትልቅ ሴት ነበሩ፤ ባላቸው ሞተውባቸዋል፣ ገብሳቸውን ውርጭ መቶታል፣ የቀረቻቸውን ጥሪት በመቶ ጫጩት ላይ አውለዋል። እሳቸውንና ጫጩቶቹን ላደርስ ከእኔ ቤት ስንነሳ ቢጫዋ መብራት ከበራች ገና ብዙም አልቆየችም ነበር። በእኔ መኪና መብራቷ ስትበራ ስድስት ሊትር ገደማ እንደሚቀር ሞልቼ ለክቼ አውቃለሁ፤ ሌላው መኪና የራሱ ልክ አለው። ስድስት ሊትር በሜዳ ስልሳ ኪሎሜትር ያስኬደኛል። አንኮበር አርባ ናት። ማደያው ጋ ሰልፉ እስከ አደባባዩ ደርሷል፤ ጫጩት ደግሞ ብርድ እንጂ ሰልፍ አያውቅም። ሄድን።

እዚያ ከፍታ ላይ፣ ወደ አንኮበር ከመውረዱ በፊት ባለችው የመጨረሻ ዳገት መሃል፣ መኪናዋ ሁለት ሦስቴ ተንገጫገጨችና ጠፋች። ነፋሱ በመስኮቱ ስንጥቅ ያፏጫል።

«ቤንዚን ጨረሰች?» አሉኝ።

«የለም እናቴ፣ አላት።»

«ታዲያ ለማን አስቀምጣው ነው?»

 የጫጩቶቹን ካርቶኖች በጋቢያቸው ጠቅልለው አቀፏቸው። ጫጩቶቹ ይጮሃሉ። አንድ ጭነት መኪና ቆመልኝ፤ የእሱ ናፍጣ ነው፣ ለእኔ አይሆንም። መካኒኬ ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ ሰደበኝ፣ ቀጥሎ አስረዳኝ፦ የመኪናዋ አፍንጫ ሽቅብ ሲያይ የቀረችው ቤንዚን ወደ ታንከሩ ኋላ ትሸሻለች፤ በእኔ መኪና ፓምፑ ያለው ወደ ፊት ነው። ወደ ኋላ ወደ ሜዳው አንሸራትታት አለኝ።

ሞተር ሲጠፋ ፍሬንም መሪም ይከብዳል። በአንድ በኩል ገደል ነው። ውረዱልኝ ብላቸው ነፋሱን አይተው እምቢ አሉ። ፍሬኑን በሁለት እግሬ ረግጬ እየለቀቅኩ፣ በስንዝር በስንዝር አወረድኳት። ሜዳው ላይ ስንደርስ ቁልፉን ከፈትኩ። ከኋላ ወንበር ሥር መሰማት የነበረበት የሚያላዝነው የፓምፑ ድምፅ የለም። ያን ጊዜ የማልወደው ለቅሶ ናፈቀኝ።

ጫጩቶቹም ጩኸታቸው እየቀነሰ መጣ። እፎይ ብዬ ነበር፤ ሴትዮዋ ግን ካርቶኑን ከፍተው ትንፋሻቸውን ይተነፍሱባቸው ጀመር።

«ሲጮሁ ደግ ነው ልጄ። ዝም ሲሉ ነው የሚሞቱት።»

መካኒኬ በስልክ፣ «ካልነሳች ታንከሩን ከሥር በቀስታ አንኳኳው፣ ተቀርቅሮ የቆመ ፓምፕ አንዳንዴ ይነቃል» ብሎኝ ነበር። ቁልፍ ነክተው የማያውቁትን ሴት ቁልፉን ወደ ፊት ጠምዝዘው እንዲይዙልኝ አሳየኋቸውና ጫማዬን አውልቄ መኪናዋ ሥር ገባሁ። በጫማው ተረከዝ ታንከሩን መታሁ። ዝም። ደግሜ መታሁ። ዝም። በአራተኛው ፓምፑ እዝ አለ።

ዳገቱን በአፍንጫዋ ብወጣ ግን ያው ነው። ቤንዚኑ ወደ ፊት ወደ ፓምፑ እንዲወርድ መኪናዋን አዞርኩና በኋላ ማርሽ፣ አንገቴን ጠምዝዤ፣ ቂጧን አስቀድሜ አወጣኋት። አህያ የሚነዱ ሁለት ሰዎች ቆመው አዩን። አንደኛው፣ «ይሄ ሰውዬ የረሳው ነገር አለ» ሲል ሰማሁ። ጫፉ ላይ ደርሼ ስዞር ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው።

ቤታቸው ስንደርስ ፍም አቅርበው ካርቶኖቹን ከፈቱ። አምስት ሞተዋል። የቀሩት ቀስ በቀስ ጩኸታቸውን ቀጠሉ፤ እሳቸውም ቀና ብለው አዩኝ። ለሞቱት ምትክ አመጣለሁ ብል፣ «አምጣ። ግን በሌላ መኪና» አሉኝ።

ፓምፑ በማግስቱ እዚያው አንኮበር ላይመለስ ሞተ። መካኒኬ ከደብረ ብርሃን አዲስ ይዞ መጥቶ ሲያወጣው ከውስጥ ተቃጥሏል። ታንከሩ ውስጥ ወደ ሁለት ሊትር የሚጠጋ ንጹህ ቤንዚን ተኝቷል። በብርጭቆ ቀድቶ አሳየኝ።

አሁን ከግማሽ ታንከር በታች አላወርዳትም። ባለፈው ሳምንት የሚስቴ ወንድም ለክርስትና መኪና ፈልጎ መጣ።

«ቤንዚን አላት?» አለኝ እንደ ልማዱ፣ ለመሄድ ተነስቶ።

«አላት» አልኩና ቁልፉን ሰጠሁት።