የባለቤቴ ጣቶች ጠዋት ጠዋት

ባለቤቴ ሞጣ ገበያ አጠገብ ልብስ ሰፊ ነው። ኩሩ ነው፤ ኩራቱን እወድለታለሁ፣ ግን ወላሂ አንዳንዴ ያንገበግበኛል። ለሱብሂ ሶላት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲነሳ ጣቶቹ አይታጠፉም ነበር። ከሶላት በፊት የሚታጠብበትን የውዱእ ውሃ የማፈስለት፣ የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነኝ። ከተነሳ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ጣቶቹ ቀስ እያሉ ይላቀቁለትና ሱቁን ይከፍታል። ስድስት ወር ሙሉ እንዲህ አድርገን ደበቅን፤ ጎረቤት እንኳ አላወቀም።

"የአባቴ እጅ ነው፤ ስፌት የበላው" ይለኛል። አባቱም ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ጣቶቻቸው ጥፍሩ ሥር ባለው አንጓ ላይ ጠጣር እብጠት አውጥተው ነበር። እኔም አምኜ፣ ይረፍ ብዬ የስፌት መኪናውን ሁለት ሳምንት ሸፈንኩበት። ወይ ጉድ! ጭራሽ ባሰበት።

ሞጣ ሆስፒታል እንሂድ ስለው አሻፈረኝ አለ። የሠራተኞቹን ጋውን የሚሰፋው እሱ ነዋ! እጁ መታመሙን ከሰሙ ማን ሥራ ይሰጠዋል? በስንት ልመና ማንም ወደማያውቀን ወደ ብቸና ሆስፒታል ወሰድኩት።

ሐኪሟ ወጣት ናት። አንጓዎቹን አንድ በአንድ እየጫነች፣ "ጠዋት ሲነሱ ጣቶችዎ እስኪላቀቁ ምን ያህል ይቆያል?" አለችው።

"ምን፣ አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው።"

ቀና ብላ አየችው። ባልን በሰው ፊት ማሳጣት ነውር ነው፤ ከንፈሬን ነከስኩ። ከዚያ አልቻልኩም።

"ውሸቱን ነው! ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፤ ቁልፉን የምቆልፍለት እኔ ነኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም!"

እሱም "የአባቴ እጅ ነው" አላት። ሐኪሟ የአባቱን ነገር ጠየቀችንና አስረዳችን። "የአባትዎ በዕድሜና በሥራ የሚያልቅ መገጣጠሚያ ይመስላል። ጠዋት ቢደርቅም ቶሎ ይላቀቃል፤ ሲሠሩበት ያማል፣ ሲያርፉ ይሻላል። የእርስዎ ግን በሁለቱም እጅ፣ ጣቱ ከመዳፍ በሚገናኝበት ላይ፣ ለስላሳ እብጠት ነው፤ ዕረፍትም አላሻለውም። ሰውነትዎ የራሱን መገጣጠሚያ እያጠቃ ነው የሚመስለኝ። ዝም ከተባለ አጥንቱን ይበላል።"

የደም ምርመራውና ራጁ ጥርጣሬዋን አጠናከሩት። ከቀኝ እጁ አንድ አንጓ መበላት ጀምሯል። "የተበላው አይመለስም፤ የቀረውን ግን ለማዳን ጊዜ አለን" አለች። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጥ መድኃኒት አዘዘችለት፤ በየቀኑ እንዳይወስደው አስጠነቀቀችን፣ ለደም ምርመራም እንድንመላለስ ነገረችን።

ተሳፍረን ስንመለስ ደብረ ወርቅን እስክናልፍ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር። ተቀይሞኛል ብዬ ሰጋሁ።

"በሰው ፊት አዋረድሽኝ" አለ በመጨረሻ።

"አዎ፣ አዋረድኩህ። ይቅር በለኝ።"

ያቺን የተበላች አንጓ በሌላኛው እጁ ይዞ አያት።

"ምነው" አለ፣ "ከስድስት ወር በፊት ባዋረድሽኝ ኖሮ።"