ለፈረስ መጋላው ክሊኒክ የተጻፈው ደብዳቤ

ኒቆዲሞስ በየቀኑ ማለዳ ከቤት ሳይወጣ የትናንቱን ሥራ በፍላሽ ገልብጦ የደረት ኪሱ ውስጥ ይከታል። በሐረር መብራት መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅም፤ አንድ ጊዜ የሦስት ሳምንት ሥራ ጠፍቶበታል። ከዚያ ወዲህ እጁ ሳያስበው ኪሱን ይዳብሳል።

ዕድሜው አርባ አንድ ነው። ከጀጎል ውጭ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ለትንንሽ ድርጅቶች የኮምፒውተር ፕሮግራም ይሠራል። አብራው የምትሠራው ለተማርያም ፕሮግራሙን ትፈትሻለች፣ የደንበኞችን ሠራተኞችም ታሠለጥናለች።

በ2009 ዓ.ም. አራት ወር የደከሙበት ሥራ በፈረስ መጋላ የሚገኝ የእናቶችና ሕፃናት ክሊኒክ የካርድ መዝገብ ነበር። የክሊኒኩ ባለቤት ጡረታ የወጡ ነርስ፣ ወይዘሮ ረሂማ ናቸው። ሥራው ግንቦት 1 ቀን መጀመር ነበረበት። ግንቦት አጋማሽ ካለፈ ረመዳን ይገባል፤ የክሊኒኩ ሰዓት ያጥራል፣ ሠራተኞቹን የሚያሠለጥን ጊዜ አይገኝም። ያ ቀን ካመለጠ ነገሩ ለክረምት ይተርፋል። ኒቆዲሞስ ደግሞ ከዚህ በፊት በሁለት ደንበኞች ላይ ቀን አሳልፎባቸው፣ ሁለቱም ወደ ድሬዳዋ ባለሙያ ሄደውበታል።

ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ወይዘሮ ረሂማ ቤታቸው ጠርተውት ሻይ ቀርቦለት ሳለ አዲስ ነገር ጠየቁ፤ የክትባትና የእርግዝና ክትትል ቀጠሮ ሲደርስ ለእናቶቹ በስልክ መልእክት ይላክላቸው። ኒቆዲሞስ እንደማይደርስ ያውቅ ነበር። ሆኖም ትልቅ ሰው በቤታቸው አስቀምጠው እያስተናገዱት «አይሆንም» ማለት አልሆነለትም። አንገቱን ነቀነቀና ሻዩን ጠጣ።

ሰኞ ጧት ለተማርያም ከክሊኒኩ ተመለሰች።

«ኒቆ፣ እንኳን ደስ ያለህ» አለችው ወንበሩን እየሳበች። «ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ከግንቦት 1 ጀምሮ ቀጠሮዎ በስልክዎ ይደርስዎታል ይላል።»

ኒቆዲሞስ ፊቱን በሁለት እጁ አሻሸ። «ደብዳቤ እጽፋለሁ።»

«ያን ቀን አፍህ የት ሄዶ ነበር?»

«ሻይ ላይ ነበረ።»

መጀመሪያ የጻፈው «በቴክኒክ ምክንያት» የሚል ነበር። ለተማርያም አንብባ መለሰችለት።

«ይሄ ምንም አይነግራቸውም። ካርዶቹን እኔ ነኝ ያስገባሁት። ከድሬ ጠያራ ገጠር የሚመጡት ግማሾቹ ያስመዘገቡት የመንደራቸውን ባለሱቅ ስልክ ነው። ማርገዟን ለማንም ያልተናገረች ሴት ቀጠሮዋን ባለሱቁ ያንብብላት?»

ኒቆዲሞስ ደብዳቤውን ከላይ ጀምሮ እንደገና ጻፈው። መልእክቱን መላክ ከቴሌ ፈቃድ እንደሚጠይቅና ፈቃዱ የሚወስደው ጊዜ በእሱ እጅ እንዳልሆነ፣ ብዙዎቹ የባለሱቅ ስልክ ስላስመዘገቡ ስልኩ የራሷ መሆኑንና መልእክት መቀበል መፈለጓን እያንዳንዷን እናት መጠየቅ እንደሚያስፈልግ፣ ፍተሻውም ሦስት ሳምንት እንደሚፈጅ ዘረዘረ። ሁሉም ሲደመር ሥራውን ከዒድ በኋላ ያደርሰዋል። ቀጥሎ ምርጫ አቀረበ። አንደኛው ሁሉንም አንድ ላይ መጠበቅ ነው። ሁለተኛው በቀኑ ያለ መልእክት መጀመር ነው፤ ፕሮግራሙ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የነገ ባለቀጠሮዎችን ዝርዝር ያትማል፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ትደውላለች፤ ሴትየዋ ራሷ ስልኩ ላይ ካልቀረበች ጉዳዩን አትናገርም። መልእክቱ ከዒድ በኋላ ፈቃደኛ ለሆኑት ብቻ ይጨመራል። እኛ የምንመክረው ሁለተኛውን ነው ብሎ ፈረመና ማኅተም አሳረፈበት። መጨረሻ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረ፤ «በዕለቱ ፊት ለፊት ባለመናገሬ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ደብዳቤውን ራሱ ወሰደው። ወይዘሮ ረሂማ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡ።

«ሠላሳ ዓመት ነርስ ነበርኩ» አሉ። «የባለሱቁ ነገር ለእኔ ነበር መታየት ያለበት።» ወረቀቱን አጠፉት። «አንተ ግን ምነው ዝም አልክ?»

«ቤትዎ ተቀምጬ፣ እትዬ ረሂማ...»

«ሌላ ጊዜ ሻይ አላቀርብልህም። ሁለተኛው ይሁን። ማስታወቂያውን እዚያው ቆመህ አንሣው፤ የሚጠይቅህም ካለ አንተው መልስ።»

ማስታወቂያው በጠንካራ ፕላስተር ተለጥፎ ነበርና ከግድግዳው ቀለም ጋር ተላጠ። ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት ስልኩ ቀረ ወይ ብላ ጠየቀችው። ሰው ይደውልልሻል አላት።

ግንቦት 1 ቀን ማክሰኞ መዝገቡ ሥራ ጀመረ። ከሰዓት በኋላ በታተመው የመጀመሪያ ዝርዝር ላይ አሥራ አንድ ስም ነበረ፤ የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ዘጠኙን አገኘቻቸው።